«ደረጃ 3፣ ለውጥ የለም»

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ስለዚያ ባለ ቀይ ዎከሩ ልጅ ነው፤ የየካ አባዶው። ስለ እንቅስቃሴው የጻፍኩትን ሪፖርት ጨርሼ ሰጠሁ። ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

እናቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አነበበችው። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ «ደረጃ 3፣ ለውጥ የለም» የሚለው ላይ። ቀና ብላ «ታዲያ እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ምልልስ ለምኑ ነው?» አለችኝ።

ይሄ ጂኤምኤፍሲኤስ የምንለው ነው። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ያለበት ልጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከ1 እስከ 5 ይመድባል። 3 ማለት በዎከር ወይም በክራንች የሚሄድ፣ መንገዱ ሲረዝም ዊልቸር የሚያስፈልገው ነው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ደረጃው እምብዛም አይቀየርም። እንደ ትምህርት ቤት ክፍል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለውጡ ያለው እዚያው ደረጃ ውስጥ ነው። መስከረም ላይ ከወንበር ሲነሳ ሰው እጁን ይይዘው ነበር። አሁን ዴስኩን ተደግፎ ራሱ ይነሳል። ይሄም ተጽፏል። እሷ ግን እዚያ አልደረሰችም።

ቀጥሎ ደግሞ የቁርጭምጭሚቱ ልኬት አለ፤ እግሩ ወደ ላይ ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ ከ10 ዲግሪ ወደ 5። «ቀነሰ?» አለችኝ። አዎ፣ ቀንሷል። ልጁ ቁመት ጨምሯል። አጥንቱ ሲረዝም ያ የተወጠረ የባት ጡንቻ እኩል አይከተለውም። ጉልበቱን አጥፌ እግሩን ወደ ላይ ስገፋው እሺ ይላል። ጉልበቱን ስዘረጋው ይይዛል፤ ቀስ ብዬ ብገፋውም እዚያው ነው። ስለዚህ ያጠረው ከጉልበት በላይ የሚነሳው ጡንቻ ነው። ዝም ከተባለ ተረከዙ መሬት መንካት ያቆማል። የእግሩን ድጋፍ የሚያደርግበትን ሰዓት የጨመርኩት ለዚህ ነው።

ዎከሩ ደግሞ... የአባዶን ጭቃ ታውቁታላችሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎማው ይያዛል፣ ልጁ ይታዘላል። የታዘለ ልጅ ደግሞ ያን ቀን አይራመድም። ይሄንን የትኛው መስመር ላይ ልጻፈው?

ለመምህሩ አንድ ነገር ነው የጻፍኩት። አግዳሚው ከፍ ስለሚል እግሩ ይንጠለጠላል። እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ዴስኩን ጨብጦ ይቀመጣል። ደብተሩን የሚይዝለት እጅ የለም፣ ወረቀቱ ይሸሻል። መምህሩ «መጻፍ ይሰንፋል» ያለው ይሄንን ነው። ከእግሩ ስር የእንጨት ሳጥን ይደረግለት፤ ሙሉ እግሩ ይረፍ፣ ወገቡ ወደ ኋላ ይጠጋ። ደግሞ «ቶሎ በል» አይባል፤ ሲጣደፍ ሰውነቱ ይበልጥ ይገተራል።

እናቱ ልትወጣ ስትል «ያንን መስመር ከመምህሩ ወረቀት ላይ አውጪልኝ። ለውጥ የለም ካልሽው ይተወዋል» አለች።

እኔ እንጃ። መምህሩ ካላወቀ ልጁ አንድ ቀን ዎከሩን ጥሎ ይሄዳል ብሎ ይጠብቃል። ካወቀ ደግሞ... እሷ መምህሩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ሰኞ ትመለሳለች፣ መስመሩ አሁንም እዚያው ነው። «በደረጃው ውስጥ» የሚል ቃል ብጨምርበትስ? ወይስ ራሱ መነሳቱን ከጻፍኩበት መስመር በኋላ ይምጣ... አላውቅም፣ እስኪ።