ውጤቱ ጨመረ፣ ልጆቹስ አወቁ?

ጤና ይስጥልኝ። ረጅም መግቢያ አላዘጋጀሁም፣ ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሽምደዳ ሲወራ ጥፋቱ ሁሌ አንዱ ላይ ይላከካል። ወይ ተማሪው ማሰብ አይወድም ይባላል፣ ወይ መምህሩ ሃንድአውት ከማባዛት ሌላ ሥራ አያውቅም ይባላል። እኔ ግን ሁለቱም ከሚታሙት በላይ ብልሆች ይመስሉኛል። የሚቆጠረው ውጤት ብቻ ከሆነ፣ ውጤት የሚያመጣው አጭሩ መንገድ ደግሞ ሽምደዳ ከሆነ፣ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ሞኝ አይደለም። ጥያቄው መንገዱን ማን ጠረገው ነው።

አንድ ቀላል ነገር እናስታውስ። የበርካታ ዓመት ትምህርት በአንድ ጠዋት አይፈተንም። ስለዚህ ፈተና አውጪው ከትምህርቱ ጥቂት ቆንጥሮ ያወጣና በዚያ ቁንጣሪ ስለ ሙሉው ይፈርዳል። ይሄ በራሱ ችግር የለበትም። የሚሠራው ግን ተማሪው ሙሉውን ተምሮ ሲመጣ ነው፣ ምክንያቱም ቁንጣሪው የሚነግረን ስላልተጠየቀው ነገር ጭምር ነው። ቁንጣሪው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ከታወቀና እሱ ብቻ ከተጠና ስለ ቀሪው ምንም አይናገርም። ውጤቱ ግን ያው 90 ነው። ካርዱ ላይ ልዩነቱ አይታይም።

በቅርበት እንየው። የፓይታጎረስን ቲዎረም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። 90 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት አለ። ሁለቱን አጫጭር ጎኖች በየራሳቸው ታባዛላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ድምሩ የረጅሙ ጎን ስኩዌር ይሆናል። አሁን ራሳችሁን በፈተና አውጪው ቦታ አስቀምጡ። ካልኩሌተር ተከልክሏል። ጎኖቹን 2 እና 3 ብትሏቸው መልሱ የ13 ስኩዌር ሩት ነው፣ ያለ ካልኩሌተር አሰልቺ ነው፣ ለእርማትም አይመችም። ስለዚህ ሙሉ ቁጥር የሚወጣበትን ትፈልጋላችሁ። ትንንሾቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው፦ 3፣ 4፣ 5 አለ፣ 5፣ 12፣ 13 አለ፣ ከዚያ የእነሱ ብዜቶች፣ ለምሳሌ 6፣ 8፣ 10። ማንም ክፉ አላሰበም። ፈተና አውጪው የሚመቸውን ቁጥር መረጠ፣ አለቀ።

የቀድሞ ፈተናዎችን ደርድሮ የሚያይ መምህር ግን ይቺን ለመንቃት ጊዜ አይፈጅበትም። የፈተና ወር ሲደርስ ተማሪዎቹን እንዲህ ይላቸዋል፦ «3 እና 4 ካያችሁ መልሱ 5 ነው። 5 እና 12 ካያችሁ 13 ነው። አትጨነቁ።» ልጆቹም ይደፍኑታል። ደግሞ ልብ በሉ፣ መምህሩ አልዋሸም፣ ፈተናም አልሰረቀም። ሕግ አልጣሰም። ያደረገው ነገር ቢኖር ቲዎረሙን ከትምህርቱ ውስጥ አውጥቶ በምትኩ ሁለት መስመር ቁጥር ማስገባት ነው።

ልጁ ማወቁን እንዴት እንለያለን? ያንኑ ቁጥር ይዘን ጥያቄውን እናዙረው። አንዱ አጭር ጎን 3 ነው፣ ረጅሙ ጎን፣ ማለትም ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው፣ 4 ነው፣ ሦስተኛው ስንት ነው? እዚህ ጋ 16 ላይ 9 ተቀንሶ የ7 ስኩዌር ሩት ይመጣል። የሸመደደው ልጅ ግን ዓይኑን ሳያሽ 5 ይላል። ከረጅሙ ጎን የሚበልጥ አጭር ጎን እንደሰጠን እንኳን አይታየውም። ወይም 3 እና 4 ጎን ያለው፣ ግን 90 ዲግሪ የሌለው ጎነ ሦስት ሳሉለት። አሁንም 5። አንድ ተማሪ ሲሳሳት ተማሪው አልገባውም እንላለን። ከፊተኛው ጥያቄ ሁሉን ያገኘ ክፍል በዚህኛው በሙሉ 5 ብሎ ከጻፈ ግን ያየነው የማስተማሩን ዓይነት ነው።

«ይሄ ግምት ነው» የሚል ይኖራል። እሺ፣ የተለካ ነገር ላምጣ።

በ1991 ዳንኤል ኮሬትዝ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአንድ ትልቅ የአሜሪካ የትምህርት ወረዳ ጥናት አቀረበ። የወረዳው ስም እንዳይጠቀስ ተስማምተው ነበር፣ ያለዚያ በሩን የሚከፍትላቸው አልነበረም። ወረዳው ለዓመታት አንድ ዓይነት ፈተና ይጠቀም ነበር፣ የ3ኛ ክፍል የሂሳብ ውጤትም ጥሩ ነበር። በ1987 ፈተናውን በሌላ፣ ያንኑ ትምህርት በሚለካ ፈተና ቀየሩት። ውጤቱ በአንድ ጊዜ የግማሽ የትምህርት ዓመት ያህል ወረደ። ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወጣ፣ በ1990 የድሮው ከፍታ ላይ ተመልሶ ደረሰ። ለወላጅ ቢነገር ደስ የሚል ወሬ ነው፦ ወደቅን፣ ሠራን፣ ተነሣን።

ተመራማሪዎቹ ግን አንድ ተንኮል የመሰለ ነገር አደረጉ። በ1990 በዕጣ ለተመረጡ ክፍሎች ያንን የተተወውን፣ ማንም መምህር ያልተዘጋጀበትን የድሮ ፈተና ሰጡ። ልጆቹ በሱ ወርደው ተገኙ፣ በግማሽ የትምህርት ዓመት ያህል። አያችሁ? አዲሱ ፈተና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ልጆች የወረዱትን ያህል፣ አሮጌው ፈተና ከተረሳ በኋላም ልጆች በሱ ወረዱ። በሦስት ዓመት ውስጥ የሂሳብ ዕውቀት አልጨመረም። የተለወጠው የትኛው ፈተና እንደተለመደ ነው። ወጣ የተባለው ውጤት ልጆቹን ተከትሎ ወደ ሌላ ፈተና አልሄደም፣ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ይሄ የምርጫ ጥያቄና የኮምፒውተር እርማት ያመጣው ጣጣ እንዳይመስላችሁ። በ1862 እንግሊዝ ለትምህርት ቤቶች የምትሰጠውን ገንዘብ ከፈተና ጋር አሰረችው። ለአንድ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ለመገኘቱ 4 ሺሊንግ፣ ለፈተናው 8 ሺሊንግ። ፈተናው ንባብ፣ ጽሕፈትና ሂሳብ ነው፣ በወደቀበት በእያንዳንዱ 2 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ይቀነሳል። በቃ፣ የልጁ ራስ ላይ ዋጋ ተለጠፈበት። ገጣሚ የነበረው ማቲው አርኖልድ እንጀራው የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪነት ነበር፣ በየክፍሉ እየዞረ ይፈትናል። በ1860ዎቹ ባቀረበው ሪፖርት፣ ብልጠት ባለበት ዝግጅት ልጆች በትክክል ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ሳይችሉ በንባብ፣ በጽሕፈትና በሂሳብ ማለፍ እንደቻሉ ጻፈ። ልጆቹ የሚፈተኑበትን መጽሐፍ በቃላቸው ይዘውታላ! ከሦስቱ ውጪ ያሉት ትምህርቶች ደግሞ ሺሊንግ ስለማያመጡ ጥግ ያዙ። አሠራሩ የተተወው ከ30 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው።

እዚህ ስንደርስ ሁሌ የሚነሳ መፍትሔ አለ፦ «እንግዲያው ፈተናውን ጥሩ አድርገን እንሥራው፣ ማስተማሩም ተከትሎት ጥሩ ይሆናል።» እኔም ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ ሰው ያልሞከረው ግን እንዳይመስለን። ስሪላንካ በ1980ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝኛ ብሔራዊ ፈተናዋን ቀየረች። ሰዋስው ማነብነብ ይቅር፣ ልጆቹ ቋንቋውን ለኑሮ ይጠቀሙበት ተብሎ አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ፈተና መጣ። ቻርልስ አልደርሰንና ዳያን ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ፈተናው ማስተማርን ይለውጥ እንደሆነ ለማየት ከአገሬው ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ክፍሎችን ለሁለት ዓመት ያህል ተከታተሉ። መምህራኑን ጠይቀው ብቻ አልተመለሱም፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው አዩ።

ያገኙት ነገር ነው እኔን ብዙ ያሳሰበኝ። የሚማሩት ነገር ተለውጧል። የሚማሩበት መንገድ ግን አልተለወጠም። ዓመቱ ሲጋመስና ፈተናው ሲቀርብ መምህራኑ አዲሱን መጽሐፍ አስቀምጠው የቀድሞ ፈተናዎችንና የማዘጋጃ መጻሕፍትን ያወጣሉ። መናገርና ማዳመጥ መጽሐፉ ውስጥ አሉ፣ ፈተናው ላይ ግን የሉም፣ ስለዚህ ይዘለላሉ። አንብቦ መረዳት ፈተናው ላይ አለ፣ ስለዚህ ይሠራል። እንዴት ይሠራል? መምህሩ ምንባቡን ያነባል፣ ጥያቄውን ይጠይቃል፣ አንዱ ልጅ ይመልሳል፣ መልሱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። አዲስ ይዘት፣ የድሮው ክፍል። ፈተና መምህሩን ምን አስተምር ሊለው ይችላል፣ እንዴት እንደሚያስተምር ግን ሊያሳየው አይችልም። ብዙዎቹ መምህራን ደግሞ ከአዲሱ ፈተና ጀርባ ያለው ሐሳብ ምን እንደሆነ በቅጡ የነገራቸው አልነበረም።

ሽምደዳን በጅምላ የምጠላ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የማባዛት ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት። ፊደልም እንደዚያው። 7 ጊዜ 8 ስንት እንደሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ልጅ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ ይበተንበታል። እኔን የሚያሳስበኝ በቃል የተያዘው ነገር ለምን እንደሚያገለግል ነው። ሰንጠረዡ ወደ ሌላ ሥራ ያስገባል። «3 እና 4 ካያችሁ 5» ግን የፈተናው ዕለት ማታ ሥራውን ይጨርሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፈተና ይቅር አልልም። ፈተና ሲቀር ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ዘመድና ገንዘብ ይገባበታል። የምለው አንድ ፈተና ሁለት ሥራ አይሠራም ነው። ተማሪ ለመምረጥ የምንጠቀምበትን ያንኑ ወረቀት፣ ትምህርቱ ተሻሽሏል ወይ ለማለትም ስንጠቀምበት፣ ወረዳው፣ ርዕሰ መምህሩና መምህሩ ሁሉም በአንድ ላይ እሱን ወደ ላይ መግፋት ይጀምራሉ። ለሁለተኛው ሥራ የተለየ መለኪያ ይበጃል። አሜሪካኖች ከ1969 ጀምሮ አንድ አላቸው። ለሁሉም ተማሪ አይሰጥም፣ በናሙና ለተመረጡ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ የሚያየው ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ነው፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ጥያቄ ይደርሰዋል። ለተማሪው ውጤት አይነገረውም፣ በሱ የሚሸለምም የሚቀጣም መምህር የለም። ማንም ለሱ ብሎ አይሸመድድም፣ ሸምድዶም የሚያተርፈው የለም። ብሔራዊ ፈተናው ሽቅብ እየወጣ ይሄኛው ካልተነቃነቀ፣ ምን እየሆነ እንዳለ ገባችሁ።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ፈተና አውጪዎች በየዓመቱ ያንኑ ቅርጽ አይድገሙ። ካልኩሌተር ከተከለከለ መልሱን «የ13 ስኩዌር ሩት» ብሎ መተው ይፈቀድ፣ ያኔ ቁጥሩ ከሁለት መስመር ይወጣል። ርዕሰ መምህራን ደግሞ የሞዴል ፈተና ውጤት ሲመጣላችሁ፣ ክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ካመጣባቸው ጥያቄዎች ሦስቱን ምረጡና ቁጥሩን ሳትነኩ ጥያቄውን አዙራችሁ በሳምንቱ ለዚያው ክፍል ስጡ። ማስታወቂያም ማርክም አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ይሄ ሁሉ ቢደረግም ተማሪ የሚመረጥበት ፈተና ክብደት አይቀንስም። የዩኒቨርሲቲው ወንበር ከሚፈልገው ሰው ካነሰ፣ ወላጅ ልጁን ለአስጠኚ ይሰጣል፣ አስጠኚውም የሚያውቀውን አቋራጭ ይሸጣል። ለዚህ የፈተና ሰዎች መድኃኒት የላቸውም፣ ጉዳዩ ከእጃቸው ውጪ ነው። ጥያቄ ያለው ካለ ማይኩን እንስጠው።