ልዩነት፦ 0.00

ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። የሰኔ 23 ሒሳብ መዝጊያ ሳይደርስ ወደ ሌላ ባንክ የተላከውን ብር ከማረጋገጫው ጋር ስለሚያዛምደው የማታ ሪፖርት ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። ብዙ ነጥብ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ግን አንዱ ካልወጣልኝ አላርፍም።

"ልዩነት፦ 0.00" የምትለዋን የመጨረሻ መስመር ታውቋታላችሁ። ጠዋት ቡና ይዘን፣ እሷን ብቻ አይተን "ሰላም አድሯል" የምንላትን። ያቺ መስመር 45 ሺህ ብር በልታብናለች።

ግማሻችሁ እዚያው ነበራችሁ፣ ቢሆንም ይደገም። በአንድ ቀን ሁለት ደንበኞች እያንዳንዳቸው 45 ሺህ ብር ወደ ሌላ ባንክ ላኩ። የደረሰው የሁለተኛዋ ብቻ ነው፤ ማረጋገጫውም የመጣው ለእሷ ነው። የማታው ጆብ ግን የሚያዛምደው በብሩ መጠንና በቀኑ ስለሆነ፣ ማረጋገጫውን ወስዶ ለአንደኛው ሰጠው። አንድ 45 ሺህ ተዘጋ፣ አንድ 45 ሺህ ፔንዲንግ ቀረ፣ ድምሩ ልክ ነው። ልዩነት ዜሮ! ከሦስት ቀን በኋላ ሲስተሙ "መልስ አልመጣም" ብሎ ለሁለተኛዋ ብሯን መለሰላት፤ የላከችለት ሰው ግን ድሮ ተቀብሏል። አንደኛው ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ "ብሬ የት ገባ?" ይላል፣ እኛ ደግሞ "ደርሷል" እንለዋለን።

ኦዲተሯ መጥታ የጠየቀችን አንድ ነገር ነው። "ይሄኛው ከምን ጋር ተዛምዶ ተዘጋ?" አራት ቀን ሎግ ቆፈርን። አራት ቀን! ሪፖርቱ ላይ ቢጻፍ መልሱ እኮ ሁለት መስመር ነበር፦

```
TRF-0417  45,000.00  PENDING -> SETTLED
MATCH: SW-8830  RULE: AMOUNT+DATE
```

RULE የምትለዋን እዩልኝ። እሷ ብትኖር ኦዲተሯ በሪፈረንስ ቁጥር ያልተዛመዱትን ለይታ እነሱን ብቻ ትመረምር ነበር። እንደዚህ ዓይነቱም ሰው ሳያየው አይዘጋ።

ሪፖርቱ ከትናንት ይጀምር። 14 ዝውውር፣ 412 ሺህ ብር አደረ እንበል። ዛሬ 6 ገባ፣ 138 ሺህ። 15 ተዘጋ፣ 455 ሺህ። አንዱ ተመለሰ፣ 20 ሺህ። የቀረው 4፣ 75 ሺህ ብር። አራቱ ከነሪፈረንሳቸው፣ ስንት ቀን እንደቆዩም ይዘርዘሩ፤ የነገው ሪፖርት በእነዚሁ አራት ይከፈት። አንዱ መንገድ ላይ ከጠፋ ያኔ ይታያል። "ሪፖርቱ ይረዝማል" የምትሉ አላችሁ። ይርዘም! ወረቀቱን እኔ እገዛለሁ።

ሰዓቱም አለ። "11:58" ብሎ ዝም ይላል። በፈረንጅ ነው በእኛ? 23:58 ተብሎ ይጻፍ፤ የሪፖርቱ ቀን የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው፣ ከዚያ ያለፈው ሁሉ የነገ ነው።

ጆቡ ተቋርጦ እንደገና ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያውን ሪፖርት አትደምስሱት፣ ሁለተኛው የራሱን ቁጥር ይያዝ። የቀረውን ሻይ ላይ እንጨርሰው።