የአሮጌው በረት አፈር
(በኮምቦልቻ ለወረዳ የአፈር ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። በዚህ ብርድ ከደሴ በማለዳ ተነስታችሁ ቁልቁለቱን የወረዳችሁ፣ ከየወረዳውም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቡናው እስኪደርስ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የአንድ የአፈር ናሙና ነው።

እዚሁ ኮምቦልቻ አቅራቢያ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ፣ ከ100 ነጥቦች አፈር ሰብስበን ነበር። በየነጥቡ ዙሪያ ከተለያየ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቆፍረን፣ ደባልቀን፣ አንድ ከረጢት አድርገን ወሰድን። ቤተ ሙከራው ፎስፈረሱን በኦልሰን ዘዴ ለካልን። የማወራችሁን ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። አብዛኛው ናሙና በኪሎ ግራም አፈር ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም ነበር። አንዱ ግን 68 ወጣ።

እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ቁጥሩን አይቼ አለፍኩት። 99 ናሙና ባለበት አንዱ ምን ያመጣል አልኩ።

ያመጣው ነገር ሴሚቫሪዮግራሙ ላይ ታየ። ይህ ቃል ሲያስፈራን ኖሯል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ጎረቤት ማሳዎች ይመሳሰላሉ፣ የተራራቁት ይለያያሉ። ሴሚቫሪዮግራም በምን ያህል ርቀት ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚለካ ነው። ሁለት ናሙና ትወስዳላችሁ፣ አንዱ 8 ሌላው 12 ነው እንበል። ልዩነቱ 4፣ በራሱ ሲባዛ 16፣ ግማሹ 8። በዚያው ርቀት የሚገኙትን ጥንዶች ሁሉ እንዲህ እያሰላችሁ አማካዩን ትወስዳላችሁ። ያ ለዚያ ርቀት አንድ ነጥብ ነው። ርቀቱን እየጨመራችሁ ስትደግሙት ነጥቦቹ መስመር ይሠራሉ።

አሁን 8ን ከ68 ጋር አጣምሩ። ልዩነቱ 60፣ በራሱ ሲባዛ 3600፣ ግማሹ 1800። በ150 ሜትር ገደማ ርቀት 40 ጥንዶች ነበሩን። የ39ኙ አማካይ 9 ነበር። አርባኛው ጥንድ 1800 ይዞ ሲገባ አማካዩ ወደ 54 ዘለለ። ችግሩ በዚህ ርቀት ብቻ አልቀረም፤ ያ ናሙና ከሌሎቹ 99 ሁሉ ጋር ስለሚጣመር በየርቀቱ ተመሳሳይ ነገር ሠራ። ከ9 ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ 18 መውጣት የነበረበት መስመር ከ50 በላይ ተሰቅሎ እየተወዛወዘ ቀረ። ያንን ያየ ሰው «በዚህ ሜዳ ፎስፈረስ ከርቀት ጋር ዝምድና የለውም» ብሎ ይፈርዳል። እኔም ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲሁ ፈርጄ ነበር።

መፍትሔው ከኮምፒውተር አልመጣም። ወደ ነጥቡ ተመልሰን ሄድን። ቤት የለም፣ ጓሮ የለም፣ እንደ ሌላው የጤፍ ማሳ ነው። ባለማሳው አባት ግን ኦገሩን ሲያዩ ሳቁ። «ልጄ፣ እዚህ እኮ የአባቴ በረት ነበር» አሉኝ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን በቀላሉ በውሃ ታጥቦ አይሄድም፤ አፈሩ አጥብቆ ይይዘዋል። የከብቶቹ እበት ካለቀ ከብዙ ዓመት በኋላም ምልክቱ እዚያው ቆይቷል።

ስለዚህ 68 የቤተ ሙከራ ስህተት አልነበረም። ትክክለኛ ልኬት ነው፣ ግን የበረት አፈር ልኬት ነው፤ እኛ የምንሠራው ደግሞ የማሳ ካርታ ነው። ከስሌቱ አወጣሁት፣ ማውጣቴንና ምክንያቱንም ጻፍኩ። ሎጋሪዝም ወስደን ብናስቀረውስ የምትሉ አላችሁ። ሎጋሪዝም ጩኸቱን ይቀንሰዋል እንጂ በረቱን ማሳ አያደርገውም። በዚያ ላይ ግምቱን ወደ ሚሊ ግራም ስትመልሱ እንዲሁ በደፈናው ከመለሳችሁት አማካዩን ዝቅ ያደርግባችኋል። ውጤታቸው በአጠቃላይ ወደ አንድ ወገን ለተጎተተ ናሙናዎች ሎጋሪዝም ጥሩ ነው፤ ለአንድ በረት ግን አያስፈልግም።

በ99ኙ እንደገና ስንሠራው መስመሩ ቅርጽ ያዘ። ስፌሪካል የሚባለውን ሞዴል አለበስነው። ሦስት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ናጌት ነው፤ ርቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋም የማይጠፋው ልዩነት፤ የእኛው 6 ሆነ። ሁለተኛው መስመሩ ወጥቶ የሚረጋበት ጣሪያ ነው፤ 18። ሦስተኛው ጣሪያው ላይ የሚደረስበት ርቀት፤ 900 ሜትር። ከ900 ሜትር በላይ የተራራቁ ሁለት ማሳዎች ስለ አንዳቸው የሚነግሩን ነገር የለም ማለት ነው። ናጌት የሚለው ስም ከወርቅ እንክብል የመጣ ነው። ያልተለካውን ቦታ በዙሪያው ካሉ ናሙናዎች የምንገምትበት ዘዴ ራሱ የማዕድን ልጅ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወርቅ ማዕድን ላይ ጀመረው፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ማትሮን ሒሳቡን አደራጅቶ ክሪጊንግ አለው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። 6 የሚለውን ናጌት ኮምፒውተሩ የሰጠን መስመሩን ወደ ኋላ በመሳብ ነው። የቅርብ የቅርብ ጥንዶቻችን እንኳ መቶ ሜትር ያህል ይራራቁ ስለነበር ከዚያ በታች ያለውን ማንም አላየውም። ስለዚህ በ10 ነጥቦች ላይ፣ ከቀድሞው ጉድጓድ 10 ሜትር ብቻ ርቀን፣ ሌላ ናሙና ወሰድን። ልዩነታቸው በዚያው ስሌት ወደ 6 የተጠጋ ሆነ። ከዚያም ጥቂት ከረጢቶችን ለሁለት ከፍለን ሳንናገር ወደ ቤተ ሙከራው ላክን። በእነዚያ ግማሾች መካከል የታየው 2 ገደማ ነበር። ከ6ቱ ውስጥ 2ቱ የልኬት ነው፣ 4ቱ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ አፈሩ ራሱ የሚለያየው ነው። ቤተ ሙከራውን ብቻ ብንወቅስ ኖሮ ያለ ጥፋቱ በወቀስነው ነበር።

አሁን ግምቱን እንሥራ። ለሰሌዳ እንዲመች ሁለት ናሙና ብቻ እንውሰድ። ያልተለካ ማሳ አለን። በአንድ በኩል በ300 ሜትር ርቀት 10 የተለካ ናሙና አለ፣ በተቃራኒው በኩል በ600 ሜትር 16 የተለካ አለ። ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ከሞዴላችን ለ300 ሜትር 11.8፣ ለ600 ሜትር 16.2፣ በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ላለው 900 ሜትር 18 እናነባለን። የክሪጊንግ እኩልታዎች ሲፈቱ ቅርቡ 62 በመቶ፣ ሩቁ 38 በመቶ ክብደት ያገኛሉ። ግምቱ 12.3 ይሆናል። ርቀትን በራሱ አባዝቶ በመገልበጥ ብቻ ብንመዝን ቅርቡ 80 በመቶ ይወስድና 11.2 ይወጣል። ልዩነቱን ያመጡት የሞዴሉ ቅርጽና ናጌቱ አብረው ናቸው፤ ናጌቱ አንድ ናሙና ብቻውን እንዳይታመን ክብደቱን ያከፋፍላል።

ከግምቱ ጋር ክሪጊንግ ቫሪያንስም ይሰጠናል፤ እዚህ 18.5 ገደማ ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 4.3። የማዳበሪያ ውሳኔው 10 ላይ ይቆማል እንበል። 12.3 ከ10 በላይ ስለሆነ ካርታው ያንን ማሳ «በቂ» ብሎ አረንጓዴ ይቀባዋል። በ4.3 ስህተት ግን ማሳው ከ10 በታች የመሆን ዕድሉ 30 በመቶ አካባቢ ነው። ለዚያ ገበሬ ቀለሙን ብቻ ማሳየት ተገቢ አይመስለኝም።

ይህን 4.3 ግን እናንተም በጭፍን አትመኑት። ስናሰላው 10 እና 16 የሚሉትን ቁጥሮች የትም አላስገባንም፤ ርቀቶቹንና ሞዴሉን ብቻ ነው ያስገባነው። ናሙናዎቹ 3 እና 40 ቢሆኑም መልሱ ያው 4.3 ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ከተበላሸ የስህተት ካርታውም አብሮት ይበላሻል፣ ያውም በሚያምር ቀለም።

ታዲያ በምን እናውቃለን? አንድ ናሙና እንደብቃለን፣ በቀሩት 98 እንገምተዋለን፣ ከእውነተኛው ልኬት ጋር እናስተያየዋለን። ለ99ኙም ተራ በተራ እንደግመዋለን። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ `krige.cv` የሚባለው ይህን ይሠራል። ብዙ ሰው ከዚያ አማካዩን የስህተት መጠን፣ አር.ኤም.ኤስ.ኢ የሚባለውን፣ ብቻ አንብቦ ይሄዳል። እኔ 99ኙን ማሳዎች በሁለቱም ሞዴሎች ሞከርኳቸው። በረቱ ባበላሸው ሞዴል 4.1፣ በጸዳው 3.8 ወጣ። ይህን ልዩነት አይቶ የሚደነግጥ የለም።

ምክንያቱም ይህ ቁጥር የሚመዝነው ግምቱን እንጂ «ይህን ያህል ልሳሳት እችላለሁ» ያልነውን አይደለም። ሴሚቫሪዮግራሙን ሙሉውን በ4 ብታባዙት ክብደቶቹ አንድም አይነቃነቁም፤ ግምቱ ያው 12.3 ነው። ስህተት ነው ያልነው ግን ከ4.3 ወደ 8.6 ይሄዳል። አር.ኤም.ኤስ.ኢ ይህን ጨርሶ አያየውም።

የሚያየው ሌላ ነው። የእያንዳንዱን ነጥብ ስህተት በራሱ አባዙ፣ ለዚያው ነጥብ ክሪጊንግ ቫሪያንስ አካፍሉ፣ አማካዩን ውሰዱ። በአር `zscore` የሚለውን ዓምድ በራሱ አባዝቶ አማካዩን መውሰድ ማለት ነው። 1 አካባቢ ከሆነ የተናገርነው ስህተትና የሠራነው ስህተት ይገጣጠማሉ። ከ1 በጣም ካነሰ ያለ ምክንያት ፈርተናል፤ ከ1 በጣም ከበለጠ ተኩራርተናል። የበረቱ ሞዴል 0.3 ሰጠ። የጸዳው 0.96። አንድ ሳምንት ያባከንኩበትን ጥያቄ ይህ ቁጥር በአንድ መስመር ይመልስልኝ ነበር።

የመደበቅ ፈተናውም ገደብ አለው። የሚጠየቁትም የሚመልሱትም ያው ናሙናዎች ናቸው፤ ናሙና ባልደረሰበት ቦታ ስላለው ስህተት አይነግረንም። ስለዚህ ካርታው ካለቀ በኋላ በዕጣ 20 አዲስ ነጥቦች አውጥተን ቆፈርን። ለእያንዳንዱ አስቀድመን የ90 በመቶ ክልል ጽፈን ነበር፤ ግምቱ ሲደመርና ሲቀነስ 1.64 ጊዜ ስህተቱ። ከ20ው 18 ያህል ክልሉ ውስጥ መግባት ነበረባቸው፤ 17 ገቡ። ደህና ነው።

ከወጡት ሦስቱ አንዱ እንዲያው ዕድል ይመስለኛል። ሁለቱ ግን ጎን ለጎን ናቸው፣ ሁለቱም ወንዙ ሲሞላ ደለል የሚያለብሰው ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ሁለቱም ከግምቱ በጣም ያነሱ ናቸው። የስህተት ካርታው ደግሞ በዚያ ቦታ ዝቅተኛ ስህተት ነበር የሚያሳየው፤ ከደለሉ ውጭ ያሉ ናሙናዎች በርቀት ቅርብ ስለሆኑ። ሞዴሉ ርቀት ያውቃል፣ ደለል አያውቅም። ያንን ጠርዝ በካርታው ላይ ቀለም ነስቼ በሰረዝ ብቻ አጥሬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደዚያው ይወስደናል፤ ኦገሮቹ ተጭነዋል፣ ደለሉ ለብቻው 30 ናሙና ይፈልጋል።