ሦስት የፊዚክስ ቃል፣ አንድ «ኃይል»፦ የሌክቸር ካርዶቻችሁ እንዳይጋጩ

[ምስል፦ ሰሌዳ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት። ከሦስቱም ቀስት ተነስቶ «ኃይል» ላይ ያርፋል።]

ተራኪ፦ ፎርስ። ኢነርጂ። ፓወር። የፍሬሽማን ፊዚክስ ሌክቸር ላይ ሦስቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ይመጣሉ። ለአስተማሪው የተለያዩ ናቸው፤ መለኪያቸው እንኳ ለየቅል ነው። ብዙ ተማሪ ደብተር ላይ ግን ሦስቱም «ኃይል» ተብለው ተጽፈዋል።

በተማሪው አይፈረድም። «የስበት ኃይል» እንላለን፤ ያ ፎርስ ነው። መብራት የሚያመነጨው ድርጅት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ይባላል፤ እዚያ «ኃይል» ፓወር ነው። «የፀሐይ ኃይል» ስንል ደግሞ በአብዛኛው ኢነርጂውን ነው። ሚኒስቴሩ ግን የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። «ጉልበት»ንም አንዱ ጽሑፍ ለዚህኛው፣ ሌላው ለዚያኛው ይጠቀምበታል።

በወሬ መሀል ይህ ማንንም አይጎዳም። ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለው የማጥኛ ካርድ ላይ ሲገባ ነው ችግሩ። ዛሬ ካርዶቹ ሳይጋጩ እንዴት እንደሚሠሩ እናያለን። የምንጠቀመው አንኪ የሚባለውን የማጥኛ ካርድ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተርና አንድሮይድ ላይ በነፃ ይገኛል።

[ምስል፦ ተማሪ ሌክቸር እያየ ወረቀት ላይ ይጽፋል።]

መጀመሪያ ቃል መልቀም። ሌክቸሩን ስታዩ ያልገባችሁን እንግሊዝኛ ሁሉ አትልቀሙ። አስተማሪው ቆም ብሎ ትርጉም የሰጠውን፣ ሰሌዳ ላይ ምልክት የሰጠውን ብቻ ያዙ። ተራው እንግሊዝኛ ለመዝገበ ቃላት ይቀመጥ። ካርዱን ከሞላችሁት ዋናዎቹ ይጠፋሉ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አንድ አማርኛ ምረጡ። የኔ ምርጫ ይኼ ነው፦ ፎርስ «ኃይል» ይሁን፤ የስበት ኃይል፣ የሰበቃ ኃይል ማለት ስለለመድን። ወርክ «ሥራ» ይሁን። ኢነርጂ «ኢነርጂ» ሆኖ ይቅር፣ ፓወርም «ፓወር»። አማርኛ ቃል ጠፍቶ አይደለም፤ ያሉት ቃላት ሌላ ቦታ ተይዘዋል። እናንተ «ጉልበት»ን ለኢነርጂ መስጠት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ለሌላ አትስጡት።

[ምስል፦ ሰው 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በገመድ ወደ አንደኛ ፎቅ ይጎትታል።]

አሁን ምሳሌ። ለአራቱም ካርድ አንድ ምሳሌ ብቻ እንጠቀም፤ ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ያኔ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ጀሪካን በገመድ 3 ሜትር ሽቅብ ይጎተታል። የመሬት ስበትን በ10 እንያዘው፤ ትክክለኛው 9.8 ነው፣ ለካርድ ግን 10 ይበቃል።

ጀሪካኑን በእኩል ፍጥነት ወደ ላይ ለመጎተት 20 × 10 = 200 ኒውተን ያስፈልጋል። ይህ ኃይል ነው። 200 ኒውተን 3 ሜትር ሲጓዝ 600 ጁል ይሆናል። ይህ ሥራ ነው። ጀሪካኑ ፎቁ ላይ ከደረሰ በኋላ ከመሬት ጋር ሲነጻጸር 600 ጁል ኢነርጂ አለው። ቁጥሩ ከሥራው ጋር አንድ ነው፣ መለኪያውም አንድ ነው። ነገር ግን ሥራው እየጎተታችሁ ሳለ የተላለፈው ነው፤ ኢነርጂው ደግሞ ጀሪካኑ ከፍ ብሎ በመቀመጡ የያዘው ነው። ተማሪ አብዝቶ የሚደናገረው እዚህ ስለሆነ ካርዱ ላይ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ፓወርስ? ጀሪካኑ በ10 ሰከንድ ከወጣ 60 ዋት ነው። በ5 ሰከንድ ከወጣ 120 ዋት። ኃይሉ አልተለወጠም፣ ሥራውም አልተለወጠም። የተለወጠው ፓወሩ ብቻ ነው። «ኃይል» ብሎ ሦስቱንም የጻፈ ተማሪ ይህን ጥያቄ ሲያገኝ ምን እንደተለወጠ መናገሪያ ቃል የለውም።

[ምስል፦ የጽሑፍ ፋይል ስክሪኑን ይሞላል።]

ፋይሉ ይህን ይመስላል፦

```
#separator:Semicolon
#notetype:LectureTerm
#columns:Key;Amharic;Symbol;Example
force/phys;ኃይል;F (N);20 × 10 = 200 N
work/phys;ሥራ;W (J);200 × 3 = 600 J
energy/phys;ኢነርጂ;E (J);ላይ የደረሰው ጀሪካን 600 J ይዟል
power/phys;ፓወር;P (W);600 ÷ 10 = 60 W
power/math;ርቢ;a^n;2^3 = 8
```

`LectureTerm` የሚባለውን የካርድ ዓይነት፣ አንኪ `Note Type` የሚለውን፣ ቀድማችሁ ፍጠሩት፤ አራቱንም ሳጥን በእነዚሁ ስሞች ስጡት።

የመጀመሪያውን ዓምድ ልብ በሉ። ከእንግሊዝኛው ቃል ጎን ትምህርቱ አለ። ፓወር በሒሳብ ሌክቸር ላይ ርቢ ነው፣ ከዋት ጋር ምንም አያገናኘውም። ሌላም ምክንያት አለ። አንኪ ፋይል ሲያስገባ ሁለት ካርድ አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው በመጀመሪያው ዓምድ ነው። እዚያ አማርኛውን አስቀምጣችሁ ሦስቱንም «ኃይል» ብትሉ፣ አዲሱ የድሮውን ሊተካው ይችላል። ሦስት ካርድ አስገብታችሁ አንድ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ምልክቱ ላይ መለኪያው አብሮ የተጻፈው እንዲሁ አይደለም። `W` የሥራ ምልክት ነው፤ የዋትም ምልክት ነው። አንዳንድ አስተማሪ ክብደትንም በዚያው ይጽፋል።

አንድ ወጥመድ አለ። ፋይሉን በአማርኛ ኪቦርድ ስትጽፉ `;` ፈልጋችሁ «፤» ሊገባ ይችላል። ዓይን ብዙም አይለየውም፣ አንኪ ግን ይለየዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ስታስገቡ መስመሩ ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ታጭቆ ይታያል። ፋይሉን ስታስቀምጡ ደግሞ `UTF-8` ምረጡ፤ አለበለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

[ምስል፦ ሰንጠረዥ፣ አንድ ረድፍ በቀይ ይበራል።]

ግጭት መኖሩን እንዴት እናውቃለን? ፋይሉን ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ፣ `;`ን የዓምድ መለያ አድርጋችሁ ክፈቱት። ርዕሱን አንደኛ ረድፍ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ይህን ጽፋችሁ ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=COUNTIF(B:B,B2)
```

ከ1 በላይ የሆነ ቁጥር ካያችሁ፣ አንድ አማርኛ ለሁለት ነገር ተሰጥቷል ማለት ነው።

ይህ ቀመር ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። «ኃይል»፣ «ሃይል»፣ «ሀይል»፣ «ኀይል»፤ ለኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ቃላት። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ሌሎቹን እየፈለጋችሁ ተኩ። «ሥራ» እና «ስራ»ም እንዲሁ። የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፤ እዚህ የሚያስፈልገን አንድ መሆኑ ነው።

ጥምር ቃላት ሲመጡ ሥሩን ይከተላሉ። ካይኔቲክ ኢነርጂ «የእንቅስቃሴ ኢነርጂ» ከተባለ፣ ፖቴንሻል ኢነርጂ «እምቅ ጉልበት» ሊባል አይችልም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ አንኪ ውስጥ `Find and Replace` አለ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይራል።

ካርዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይጠየቅ። ሌክቸር ስትሰሙ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው የምትሄዱት፤ ፈተና ስትጽፉ ግን አማርኛ አስባችሁ እንግሊዝኛ ታወጣላችሁ። ወደ ኋላ የሚሄደው ካርድ ፊት ላይ አማርኛው ብቻ ይታይ። «ኃይል» አይታችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ችግሩ የማስታወስ ላይሆን ይችላል፤ ሰንጠረዡን ፈትሹ።

[ምስል፦ ዶርም ውስጥ ሦስት ተማሪዎች፣ አንድ ላፕቶፕ።]

በቡድን ከሠራችሁ ሁሉም ቃል ይልቀም፣ የአማርኛውን ዓምድ ግን አንድ ሰው ብቻ ይንካው። እሱ ያስተካከለውን ፋይል በቴሌግራም ይላክ፤ ሌላው ያስገባው። የመጀመሪያው ዓምድ ካልተነካ፣ አንኪ የድሮውን ካርድ አድሶ እስከዛሬ ያጠናችሁትን መዝገብ እንዳለ ያቆየዋል። ከዓምዱ አንዲት ፊደል ከተነካች ግን እንደ አዲስ ካርድ ይቆጥረውና ከዜሮ ያስጀምራችኋል።