ምስጢሯን የነገረችን ልጅ እና ማርኳ

የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ።

ጥር የሰርግ ወር ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተናም በዚያው ሰሞን ይውላል። እንበልና አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ወደኋላ ቀርታ «ቲቸር፣ ለማንም አይንገሩብኝ፤ ሊድሩኝ ነው» አለቻችሁ።

አፋችን ላይ የሚመጣው «አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም» ነው። ይህን ቃል አንግባ። በቤተሰብ ሕጋችን የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያስቀጣል። ዝም ካልን ልጅቷ ትዳራለች። ተናግረን ከተገኘን ደግሞ ሁለተኛ አታምነንም። ስለዚህ እውነቱን እንንገራት፦ «ብቻዬን ላስቆመው አልችልም። ለማን እንደምናገር ግን መጀመሪያ ላንቺ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ እናዳምጥ። በር ተዘግቶ ሳይሆን፣ ሰው እያየን ግን ሳይሰማን። እንደ መርማሪ አናፋጣት። ያለችውን በራሷ ቃል ዕለቱን ጽፈን ለርዕሰ መምህሩ ብቻ እንስጥ፤ ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። አባቷን ለማግባባት ቤት ድረስ መሄድ ደግ ሥራ ይመስላል። ግን ቤተሰቡ ከነቃ ሰርጉን ያፋጥናል፣ ወይም ልጅቷን ዘመድ ጋ ይሰዳታል። በስታፍ ሻይ ላይ የሚወራ ወሬም ከአባቷ ጆሮ ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል።

አሁን ፈተናዋን እያረማችሁ ነው። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበርና 47 አመጣች። እጃችን ሦስት ማርክ ሊጨምርላት ይቃጣዋል። እኔ አትጨምሩ እላለሁ። አጠገቧ 47 ያመጣው ልጅ እናቱ ታማበት ይሆናል፤ ያልነገረን ስለሚያፍር ብቻ ነው። ምስጢሩን የነገረ የሚያልፍበት፣ የደበቀ የሚወድቅበት ማርክ ደግሞ የትምህርት ማርክ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ልጅቷ ራሷ ናት። ውለታ ያለባት ይመስላታል። ነገ ሌላ መምህር ይህንኑ ውለታ ለክፉ ቢጠቀምበት እንዴት እምቢ ትላለች?

የሚገባት የማካካሻ ፈተና ነው። ማመልከቻው ላይ «በቂ ምክንያት አላት» የሚል የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ይበቃል፤ ዝርዝሩ ሮስተር አጠገብ አይድረስ። ያው በር እናቱ ለታመመችበትም ልጅ ክፍት ይሁን።

ለእርማቱም አንድ ሐሳብ አለኝ። የተማሪው ስም በወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ። የሁሉንም አንደኛ ጥያቄ አርመን ስንጨርስ ወረቀቱን አደበላልቀን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። እንዲህ ሲሆን የጎበዙ ልጅ ስም ደካማ መልሱን አይሸፍንለትም፤ የምናዝንላትንም ልጅ በስሟ አናርማትም። የእጅ ጽሑፍ እንደምናውቅ አልክድም፤ ለዚህ ነው በ47 እና በ50 መካከል ያሉትን ወረቀቶች ሌላ መምህር ማርኩን ሳያይ እንዲያርማቸው የምጠይቀው። ከዚህ ሴሚስተር እንድንጀምረው ለስብሰባው አቀርባለሁ።

አመሰግናለሁ።