የከዚራው ጁስ ቤት ሽያጭ፦ ላይ ታች የሚዘለውን መስመር በ7 ቀን አማካይ ማንበብ

[ስክሪን፦ እንደ መጋዝ ጥርስ ላይ ታች የሚል የመስመር ግራፍ]

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ ጁስ ቤት አለ እንበል። ግራፉ ቤቱ በየቀኑ ስንት ብርጭቆ ጁስ እንደሸጠ ያሳያል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ብለን ያዘጋጀናቸው ናቸው።

ሰኞ 40፣ ማክሰኞ 42፣ ረቡዕ 38፣ ሐሙስ 44። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ይበዛል፣ 60 ይገባል። ቅዳሜ 75፣ እሁድ 65። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ 42።

ባለቤቷ ሰኞ ማታ ይህን መስመር ብታይ ትደነግጣለች። ትናንት 65፣ ዛሬ 42! ካለፈው ሰኞ ጋር ስታስተያየው ግን በ2 ብርጭቆ በልጧል። ሽያጩ አልወደቀም። መስመሩን የሚያዘልለው የሳምንቱ ዑደት ነው።

[ስክሪን፦ ሰባቱ ቁጥሮች በአንድ ሳጥን ውስጥ]

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደምረው። 364 ይመጣል። ለ7 ሲካፈል 52። ይህን ቁጥር እሁድ ላይ እናስቀምጣለን። ሰኞ ሲመጣ ሳጥኑን አንድ ቀን ወደፊት እንገፋዋለን። የድሮው ሰኞ፣ 40፣ ይወጣል። አዲሱ ሰኞ፣ 42፣ ይገባል። ድምሩ 366 ሆነ፣ አማካዩም 52.3 አካባቢ። ይህ ነው ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው።

ልዩነቱን ተመልከቱ። ዋናው መስመር ከ65 ወደ 42 ሲወርድ፣ አማካዩ ትንሽ ከፍ አለ። እውነቱም እሱ ነው።

ኤክሴል ላይ ቀኑን A አምድ፣ ሽያጩን B አምድ ላይ ከ2ኛው ረድፍ ጀምራችሁ አስገቡ። C8 ላይ ይህን ጻፉና ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=AVERAGE(B2:B8)
```

ከC2 እስከ C7 ያሉትን ባዶ ተዉአቸው። ሰባት ቀን ሳይሞላ የሳምንት አማካይ የለም። ግራፉ ላይ የዕለቱን ሽያጭ በቀጭን ግራጫ፣ አማካዩን በወፍራም ደማቅ መስመር አድርጉ። ግራጫውን ግን አታጥፉት። ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

[ስክሪን፦ የ5 ቀን እና የ7 ቀን አማካይ፣ ጎን ለጎን]

ለምን 7? 5 ብናደርገውስ? እንሞክረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው የ5 ቀን አማካይ 44.8 ነው። ከረቡዕ እስከ እሁድ ያለው 56.4። በሁለት ቀን ውስጥ ከ11 ብርጭቆ በላይ ጨመረ ማለት ነው፤ ገበያው ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። የመጀመሪያው ሳጥን ቅዳሜና እሁድን አልያዘም፣ ሁለተኛው ይዟል። በቃ። የ7 ቀን ሳጥን ግን የትም ቦታ ብታስቀምጡት አንድ ሰኞ፣ አንድ ዓርብ፣ አንድ ቅዳሜ ይይዛል። ስለዚህ የሳምንቱ ዑደት ራሱን በራሱ ያጣፋል። መስመሩ ይበልጥ እንዲለሰልስ ከፈለጋችሁ ወደ 14 ወይም 28 ሂዱ፣ ወደ 10 አትሂዱ።

አማካዩ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዘግይቶ ነው የሚነግራችሁ። ሽያጩ በቀን አማካይ 54 ላይ ደርሶ ረመዳን ገባ እንበል። ቀን ቀን የሚጠጣው ሰው ቀነሰና እያንዳንዱ ዕለት በ14 ብርጭቆ ወረደ። አዲሱ እውነት 40 ነው። የአማካዩ መስመር ግን በየቀኑ 2 እየቀነሰ ነው የሚወርደው። በሦስተኛው ቀን ገና 48 ላይ ነው፣ 40 የሚደርሰው በሰባተኛው ቀን ነው። ነገ ስንት ኪሎ ማንጎ ልግዛ ለሚል ሰው ይህ መዘግየት ኪሳራ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሳኔ የዛሬውን ረቡዕ ካለፈው ረቡዕ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

[ስክሪን፦ አንድ ረጅም ጫፍ ያለው ግራጫ መስመር፣ ከላዩ እንደ ጠረጴዛ የተነጠፈ አማካይ]

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ረቡዕ የሠርግ ትዕዛዝ መጣ፣ 140 ብርጭቆ ተጨማሪ። 140 ለ7 ሲካፈል 20 ነው። ስለዚህ አማካዩ በዚያው ቀን ከ54 ወደ 74 ይዘላል። ሰባት ቀን እዚያው ይቆያል። በቀጣዩ ረቡዕ ደግሞ በአንዴ 20 ይወርዳል።

ያን ዕለት መስመሩን የምታይ ባለቤት ምን ተፈጠረ ብላ ትጠይቃለች። ሠራተኞቹን ልትቆጣም ትችላለች። የዚያን ቀን ግን ምንም አልተፈጠረም። ከሰባት ቀን በፊት የገባው ትልቅ ቁጥር ከሳጥኑ ወጣ፣ ያ ብቻ ነው። አማካዩ በድንገት ሲወርድ መጀመሪያ የዛሬውን ቁጥር ሳይሆን የወጣውን ቁጥር እዩ። ግራጫውን መስመር አታጥፉት ያልኩት ለዚህ ነው። ጠረጴዛ የሚመስል ቅርጽ ካያችሁ፣ በጠረጴዛው መነሻ ላይ ግራጫ ጫፍ ፈልጉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሠርግና የመሥሪያ ቤት ትዕዛዝን በሌላ አምድ መዝግቡ፣ አማካዩን በር ላይ ከሚሸጠው ብቻ አስሉ።

ስለ ባዶ ሴልም አንድ ነገር። ቤቱ ተዘግቶ ከዋለ 0 ጻፉ። ተሸጦ ሳይመዘገብ ከቀረ ባዶ ተዉት። `AVERAGE` ባዶውን ይዘለዋል፣ 0ን ግን ይቆጥረዋል። ያም ሆኖ ባዶ የቀረው ቅዳሜ ከሆነ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሳምንት አማካይ ከ52 ወደ 48.2 ይወርዳል፣ ምክንያቱም የሳምንቱ ትልቁ ቀን የለም።

[ስክሪን፦ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መስመር፣ ከጎኑ ቀጥ ያለ የዕቅድ መስመር]

አሁን ጥያቄው ሌላ ይሁን። የወሩን ዕቅድ እንመታለን ወይ? በእኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ነው፣ በቀን 54 ቢታቀድ 1,620 ብርጭቆ። ለዚህ የሚያስፈልገን ተጠራቃሚ ድምር ነው። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ የተሸጠውን እየደመረ ይሄዳል። አዲስ ወር ሲገባ አዲስ ሺት ክፈቱ። D2 ላይ ድምሩን፣ E2 ላይ ዕቅዱን ጻፉና ሁለቱንም ወደ ታች ጎትቱ፦

```
=SUM($B$2:B2)
=54*ROWS($B$2:B2)
```

የዶላር ምልክቱ መነሻውን ይቸነክረዋል፣ መጨረሻው ግን ከረድፉ ጋር ይወርዳል።

ወሩ ሰኞ ገባ እንበል፣ ሽያጩም 42፣ 44፣ 40፣ 46፣ 62፣ 77፣ 67 ነው። ሐሙስ ማታ ድምሩ 172፣ ዕቅዱ 216። 44 ብርጭቆ ወደኋላ! ቅዳሜ ማታ ልዩነቱ 13 ብቻ ነው። እሁድ ሁለቱም 378 ላይ ይገናኛሉ። የሳምንቱ ዑደት እዚህም ተከትሎን መጥቷል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ወር ድምሩን ከዕቅዱ ጋር የምታስተያዩት እሁድ ማታ ይሁን። ሐሙስ ላይ አትፍረዱ።

ይህ መስመር ፈጽሞ አይወርድም። ሽያጭ ሲቀንስ የሚታየው መስመሩ ከዕቅዱ ይበልጥ ሲጋደም ነው፣ ያ ደግሞ ለዓይን ያስቸግራል። D ከE ሲቀነስ የሚመጣውን በF አምድ አውጥታችሁ ለብቻው ብትስሉት ይሻላል። ያ መስመር ከእሁድ እሁድ እየወረደ ከሄደ ሽያጩ ከዕቅዱ በታች ነው።

የሠርጉ ትዕዛዝም እዚህ ሌላ ጠባይ አለው። አማካዩ ላይ በሳምንቱ ይወጣል። ድምሩ ላይ ግን 140ው እስከ ወሩ መጨረሻ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ሽያጩ በቀን 10 ብርጭቆ ቢጎድል እንኳ፣ መስመሩ ለ14 ቀን ያህል ከዕቅዱ በላይ ሆኖ ይታያል። ትዕዛዙን በሌላ አምድ ከመዘገባችሁ ግን ጉድለቱ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከሐሙስ ጀምሮ በአራት ቀን፣ 40 ብርጭቆ ሆኖ ይወጣል።