«ጎማው ተአስቀየረ» ለምን አይባልም?

[ስክሪን ላይ፦ ጎማው ተአስቀየረ።]

በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ወዲያው ጆሮውን ይቆረቁረዋል። ምኑ ላይ እንደተበላሸ ሲጠየቅ ግን «እንዲህ አይባልማ!» ከማለት አያልፍም። ምክንያቱን አንድ አዳማ ውስጥ ጋራዥ የገባ ባጃጅ ይዘን እንየው።

[ምስል፦ መካኒኩ ጎማ ሲፈታ። ሹፌሩ ቆሞ ያያል።]

መካኒኩ ጎማውን ቀየረ። ሹፌሩ በእጁ ምንም አልነካም፤ ከፍሎ አሠራ እንጂ። ስለዚህ ሹፌሩ ጎማውን አስቀየረ። ጎማው ደግሞ ተቀየረ። በሰዋስው ትምህርት እነዚህ አድራጊ፣ አስደራጊና ተደራጊ ይባላሉ። ስሞቹን ልብ ብላችሁ ስሟቸው፤ «አስደራጊ» አስን፣ «ተደራጊ» ተን እላያቸው ላይ ይዘዋል።

[ስክሪን ላይ፦ ቀየረ / አስቀየረ / ተቀየረ]

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከ«ቀየረ» ፊት ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። እዚያ «አስ» ከተቀመጠ «ተ» አይገባም፤ «ተ» ከገባም «አስ» ይወጣል። ስለዚህ የ«አስቀየረ» ተደራጊ «ተአስቀየረ» ሳይሆን «ተቀየረ» ነው። ያስቀየረውን ሰው መጥቀስ ካስፈለገ ሌላ ግሥ ይጨመራል፦ «ጎማው በሹፌሩ ትእዛዝ እንዲቀየር ተደረገ»። ሁለት «አስ» መደራረብም እንደዚሁ አይቻልም። የባጃጁ ባለቤት ሹፌሩን ጋራዥ ልኮት ከሆነ «አስአስቀየረ» አንልም፤ «ሹፌሩ ጎማውን እንዲያስቀይር አደረገ» እንላለን።

ስሕተቱ ከየትም የመጣ አይደለም። አዳማ ላይ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ኦሮምኛ ደግሞ መደራረቡን ይፈቅዳል፤ የሚደራረበውም በግሡ መጨረሻ ላይ ነው። «በርሲሴ» አስተማረ ማለት ነው። «በርሲፋሜ» ስንል የማስደረጊያው «ሲስ» ወደ «ሲፍ» ይለወጥና የመደረጊያው «አም» ይከተለዋል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ይህንኑ አካሄድ ወደ አማርኛ ሲያመጣው «ተአስተማረ» ይወጣዋል። አማርኛ ግን እዚህ «ተማረ» ብሎ ያልፋል።

[ስክሪን ላይ፦ ተቀየረ፣ ተቀይሮ፣ አልተቀየረም / ይቀየራል፣ አይቀየርም፣ የሚቀየር]

ሌላው ችግር «ተ» ራሷ የምትጠፋበት ቦታ መኖሩ ነው። «ተቀየረ»፣ «ተቀይሮ» እና «አልተቀየረም» ላይ ትታያለች። «ይ» ወይም «የሚ» ሲቀድማት ግን ትዋጥና ቀጣዩን ፊደል ታጠብቀዋለች። «ነገ ይቀየራል» ስትሉ «ቀ» ጠብቆ ይሰማል፤ የ«ተ» ፋና እሱ ነው። «ይተቀየራል» የሚሉት የጠፋችውን «ተ» ለመመለስ ሲሞክሩ ነው። በ«አ» የሚጀምሩ ግሦች ላይ ግን አትጠፋም፦ ባጃጁ ይታጠባል። እነዚህ ግሦች «አስ» ሲያገኛቸውም ከ«አ» ጋር ይዋሃዳል፤ ሹፌሩ ባጃጁን «አሳጠበ» እንጂ «አስአጠበ» አይባልም።

አሁን አሳሳቹ ጋ ደረስን።

[ስክሪን ላይ፦ አስተካከለ → ተስተካከለ]

መካኒኩ ፍሬኑን አስተካከለ፤ ፍሬኑ ተስተካከለ። ታዲያ «ስ» ለምን አልወጣችም? «ተካከለ» የተባለው ግሥ እኩል ሆነ ማለት ስለሆነ ነው፤ «ፍሬኑ ተካከለ» ብንል የጥገናው ትርጉም ይጠፋል። ስለዚህ «ስተ» ከግሡ ጋር ተጣብቆ ይቀርና «አ» ብቻ በ«ተ» ይተካል። እንግዳው ተስተናገደ፣ ችግሩ ተስተዋለ የሚባለውም በዚሁ መንገድ ነው። ይህን አይተው «ተስተማረ» ወይም «ተስቀየረ» የሚሉ አሉ። ከማለታችሁ በፊት «ስ» የሌለበትን ተደራጊ ሞክሩት፦ «ተማረ» እና «ተቀየረ» የሚፈለገውን ትርጉም በደንብ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ «ስ» አያስፈልግም።

[ስክሪን ላይ፦ ወላጆች ልጆቻችሁን ተመዝገቡ።]

በመጨረሻ ይህን ማስታወቂያ እናርመው። «ልጆቻችሁን» መጨረሻው ላይ «ን» አለ፤ ድርጊቱ የሚያርፍበትን ያሳያል። «ተመዝገቡ» ግን የሚመዘገቡት ራሳቸው ወላጆቹ ናቸው ይላል። «ን» እና «ተ» አንድ ላይ ሲገጥሟችሁ ቆም ብላችሁ እዩ። ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ቤቱን ተከራየ፣ ብሩን ተበደረ፣ ደብዳቤውን ተቀበለ ትክክል ናቸው፤ እነሱን እንዳሉ መያዝ ነው። «ተመዘገበ» ግን ከእነዚህ አይደለም። «መዝግቡ» ብንልም አይሆንም፤ መዝገቡን የሚጽፈው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው። ወላጁ የሚያደርገው ልክ እንደ ሹፌሩ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲሠራለት ያደርጋል።

[ስክሪን ላይ፦ ወላጆች ልጆቻችሁን አስመዝግቡ።]